ረጅም ዘመን ስለ ተያዘ መሬት፤ ያዥው መቼ ባለቤት ይሆናል፥ መቼስ አይሆንም?

በአገራችን ሰው ለሚስቱና ለርስቱ ይሞታል ሲባል ኖሯል። ይህን በሚያምን ሕዝብ ፊት፥ የሌላውን ሰው መሬት በግልጥ ይዞ 12 ዓመት ከብቱን ያሰማራበት ሰው፥ ሳይገዛና ሳይወርስ የመሬቱ ጌታ ይሆናል የሚል ሕግ አለ ቢባል፥ ሰሚው ሕጉ ለቀማኛ የቆመ መስሎት ይደነቃል። ነገሩ ግን በችኰላ የሚፈረድበት አይደለም። እንዲህ ያለው ሕግ ከጥንት ጀምሮ በብዙ መንግሥታት ሲሠራበት የኖረ ነው፤ በጥንታዊው የሮማውያን የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳ ሕግ እንኳ መሬትን 2 ዓመት የያዘ ሰው ባለቤት ይሆን ነበር። ስለዚህ ሕጉ ለምን እንደ ወጣ፥ እስከ ምን እንደሚደርስና የት ላይ እንደሚቆም መመርመር ይገባል። ለዚህም ምርመራ በእንግሊዝ አገር እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ ከዚያም አልፎ ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት የተሻገረ አንድ ክርክር አለና፥ እርሱን ተከትለን እንሄዳለን። በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝ አገር ነገር በተነገረበት ስፍራ ሁሉ የተጻፈው ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ሕጉ ከምን እንደ ተነሣ እንመልከት። በአማርኛ የሕግ አነጋገር፥ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሲያልፍ «ይርጋ» አገደው ይባላል። ቃሉ ከ«ረጋ» የወጣ ነውና ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ሲናወጥ የኖረው ነገር ከእንግዲህ ወዲያ ጸጥ ይበል፥ ይርጋ ማለት ነው። ምስክር ይሞታል፥ ወረቀት ይጠፋል፥ የድንበር ድንጋይ ይነሣል። ከ50 ዓመት በፊት የተደረገውን ነገር ዛሬ ልመርምር የሚል ዳኛ እውነቱን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። የመሬት መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ የባለቤትነት ዋናው ማስረጃ ይዞታው ራሱ ነበር። ማን ያርስ ነበር፥ ማን ያጥር ነበር፥ ማንስ ሌላውን ከልክሎ ያስወጣ ነበር ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የእንግሊዝ ሕግ ለባለመሬቱ፥ ሰው መሬትህን ሲይዝብህ በ12 ዓመት ውስጥ ክሰስ፤ ይህን ባታደርግ ከዚያ በኋላ በሬ ይዘጋብሃል ብሎ ወሰነ። ይኸው ውሳኔ በ1980 በወጣው የክስ ጊዜ መወሰኛ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የባለመሬቱ የክስ መብት ሲያልፍ ባለቤትነቱም አብሮ ይጠፋል፤ መሬቱንም ከያዘው ሰው የሚበልጥ መብት ያለው ሰው ስለማይኖር ያዥው ጌታ ሆኖ ይቀራል።

ነገር ግን 12 ዓመት መቀመጥ ብቻ አይበቃም። ዳኞቹ በአንድነት የሚፈልጓቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፥ ያዥው መሬቱን በእርግጥ በእጁ ማድረጉ ነው፤ ይኸውም በዚያ ዓይነት መሬት ላይ ባለቤት የሆነ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ብቻውን ሆኖ መሥራት፥ ሌላውንም ማገድ ነው። ሁለተኛው፥ መሬቱን ለራሱ ይዞ ሌላውን ሁሉ፥ ባለቤቱንም ጭምር፥ የመከልከል ሐሳብ በልቡ መኖሩና በሥራው መታየቱ ነው። ሦስተኛው፥ ይዞታው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሆኑ ነው። በኪራይ የገባ፥ በውሰት የገባ፥ በዘመድነት ተቀመጥ ተብሎ የገባ ሰው፥ ፈቃዱ እስካለ ድረስ መቶ ዓመት ቢቀመጥ አንዲት ቀን አትቈጠርለትም። ምክንያቱም በፈቃድ የተቀመጠ ሰው የባለቤቱን መብት በየቀኑ እያወቀለት የሚኖር ስለ ሆነ ነው።

እነዚህ ነገሮች ሲጐድሉ ምን እንደሚሆን በ1977 የተፈረደ አንድ ክርክር ያሳያል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ባለቤቱ ባልነበረበት ባዶ መሬት ላይ የቤተሰቡን ላም ያሰማራ፥ ሣሩንም እያጨደ ድርቆሽ ያደርግ፥ ላሟም እንዳትወጣ አጥሩን ይጠግን ነበር። ካደገ በኋላ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን አልተቀበለውም። ላም ማሰማራትና ሣር ማጨድ፥ ልጁ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ከመሬቱ ጥቅም ለማግኘት ያደረገው ሊሆን ይችላል እንጂ፥ ባለቤቱን አስወጥቶ መሬቱን ለራሱ የማድረግ ሐሳብ እንደ ነበረው በግልጥ አያስረዳም ሲል ወሰነ። ሥራው ሁለት ትርጕም የሚሰጥ ሲሆን ጥርጣሬው ለባለቤቱ ይጠቅማል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ፓይ የሚባል መሬት ገዝቶ ቤት የሚያሠራ ኩባንያ በበርክሻየር አውራጃ 25 ሄክታር ያህል የግጦሽ መሬት ነበረው፤ በእኛ አለካክ ከግማሽ ጋሻ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ኩባንያው መሬቱን ያስቀመጠው ወደ ፊት የከተማ ቤት የመሥራት ፈቃድ ይገኝበታል ብሎ ነው። ከአጠገቡ የእርሻ ስፍራ የነበራቸው ገበሬዎች ከ1983 የካቲት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በተጻፈ ውል፥ ገንዘብ ከፍለው ከብታቸውን አሰማሩበት። ውሉ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ኩባንያው በወኪሉ እጅ መሬቱን ልቀቁ የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ገበሬዎቹም ውሉ እንዲታደስላቸው ቢጠይቁ ኩባንያው እንቢ አለ፤ የእንቢታውም ምክንያት ከብት ሲግጥበት ቢታይ የቤት መሥሪያ ፈቃዱን ያሰናክልብኛል የሚል ነበር። ሆኖም ገበሬዎቹ አልወጡም፤ ኩባንያውም አላስወጣቸውም።

በ1984 ክረምት መግቢያ ላይ ኩባንያው የቆመውን ሣር በ1,100 ፓውንድ ሸጠላቸው። አጨዳውም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ተፈጸመ። ይህ ሽያጭ በፈቃድ የተደረገ ስለ ሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ለገበሬዎቹ አይቈጠርም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1984 ታኅሣሥ ላይ እንደ ገና እንፈቀድ ብለው ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። በ1985 ግንቦት ደግመው ጻፉ፤ አሁንም መልስ የለም። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተዉት፤ መሬቱን ግን አልተዉም። ዓመቱን በሙሉ፥ በጋውንም ክረምቱንም ከብት አሰማሩበት፤ አለሰለሱት፥ ማዳበሪያና ኖራ ጨመሩበት፥ ቍጥቋጦ አጥሩን ከረከሙ፥ የውሃ መውረጃውን ጠረጉ። መሬቱ ዙሪያውን የታጠረ ነበር፤ ሠረገላ የሚገባበት በር በቍልፍ የተዘጋ ሲሆን መክፈቻው በገበሬዎቹ እጅ ነበር። ኩባንያው መሬቱን በመዝገብ ላይ እንደ ያዘ በቢሮው ተቀምጦ ቀረ።

የክሱ ጊዜ መቈጠር የጀመረው እንግዲህ ሣሩ ታጭዶ ካበቃበት ከ1984 ነሐሴ መጨረሻ ነው። በዚህ ላይ 12 ዓመት ሲጨመር 1996 መስከረም መግቢያ ይሆናል። በ1997 ገበሬው ወደ መሬት መዝገብ ቤት ሄዶ መብት አለኝ የሚል ማስጠንቀቂያ አስመዘገበ። ኩባንያው የነቃው በዚህ ጊዜ ነው። በ1998 ማስጠንቀቂያው እንዲሠረዝ፥ በ1999 ደግሞ መሬቱ እንዲመለስለት ከሰሰ። ነገር ግን በሩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ኩባንያው የመሬቱን ዋጋ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው ይል ነበር።

ክርክሩ በተለይ ያረፈው በሁለተኛው ነገር ላይ፥ በሐሳቡ ላይ ነው። ገበሬው በቃሉ እውነተኛ ሰው ነበርና፥ ኩባንያው ክፈል ቢለኝ ኖሮ በደስታ እከፍል ነበር ብሎ መሰከረ። የኩባንያው ጠበቆች ይህን ይዘው፥ ኪራይ ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው ባለቤቱን የማስወጣት ሐሳብ ከወዴት አገኘ ብለው ተከራከሩ። የመጀመሪያው ዳኛ በ2000 ለገበሬዎቹ ፈረደ፤ ነገር ግን ፍርዱ በባለቤቱ ላይ እጅግ የከበደ መሆኑን ሳይናገር አላለፈም። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2001 የጠበቆቹን ነገር ተቀብሎ ፍርዱን ገለበጠ። በዚያ ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ደግሞ በ2002 ሐምሌ 4 ቀን እንደ ገና ገልብጦ ለገበሬዎቹ አጸደቀ።

የሎርዶቹ ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሕጉ የሚጠይቀው የመያዝን ሐሳብ እንጂ የባለቤትነትን ሐሳብ አይደለም አሉ። ያዥው መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ማመን አይገደድም፤ ከባለቤቱም ጋር መጣላት አይገደድም። ቢጠየቅ ኪራይ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑም፥ እስኪጠየቅ ድረስ መሬቱን ለራሱ የያዘ መሆኑን አያፈርስበትም። የሚታየው በዚያ ዘመን መሬቱ በማን እጅ ነበር የሚለው ነው። በሩን የዘጋውና ቍልፉን የያዘው ማን እንደ ሆነ ከታወቀ፥ ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው። ከሎርዶቹም አንዱ ገበሬዎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅንነት እንደ ሠሩ ከተናገረ በኋላ፥ እንዲህ ያለ ታላቅ ሀብት ያለ ካሣ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን በደስታ እንዳልተቀበለው ገልጧል።

አንባቢ ሆይ፥ ኩባንያው መሬቱን ለማዳን ምን ማድረግ ነበረበት ብለህ ብትጠይቅ፥ መልሱ እጅግ ቀላል ነው። ለ1985ቱ ደብዳቤ ሁለት መስመር መልስ ጽፎ፥ እስከዚህ ቀን ድረስ ፈቅደንላችኋል ቢል ኖሮ፥ ይዞታው በፈቃድ ይሆንና ቍጥሩ ይቆም ነበር። ወይም ከ12ቱ ዓመት ውስጥ በማናቸውም ቀን ክስ ቢያቀርብ ይበቃው ነበር። ወይም ገበሬዎቹ የኩባንያውን ባለቤትነት የሚያውቁበት በፊርማቸው የተረጋገጠ ጽሑፍ ቢቀበል፥ ቍጥሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። የማይጠቅመው ግን ብዙ ሰው የሚታመንበት ነገር ነው፤ ይኸውም «ልቀቅ» የሚል ደብዳቤ ብቻ መጻፍ ነው። ያዥው ደብዳቤውን ተቀብሎ ዝም ካለና ባለመሬቱም ክሱን ካልመሠረተ፥ ደብዳቤው ጊዜውን አያቆመውም። ፈቃድ የሚሰጥ ደብዳቤ መሬቱን ያድናል፤ የሚቈጣ ደብዳቤ ብቻውን አያድንም። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ሕጉ ከየት እንደ ተነሣ ለሚያስታውስ ግን ግልጥ ነው። የተከለከለው መክሰስ የሚችል ሰው ሳይከስ መቅረቱ ነውና፥ ቍጣ ክስ ሊሆን አይችልም።

ኩባንያው በአገሩ ከተረታ በኋላ ነገሩን በስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቀረበ። በዚህ ጊዜ የከሰሰው ገበሬዎቹን ሳይሆን፥ እንዲህ ያለ ሕግ ስላወጣ የእንግሊዝን መንግሥት ነው። በ2005 ሰባት ዳኞች ተቀምጠው አራቱ ለኩባንያው፥ ሦስቱ ለመንግሥቱ ፈረዱ። መንግሥቱ ነገሩ በታላቁ ጉባኤ እንዲታይ አደረገና፥ በ2007 ነሐሴ 30 ቀን ዐሥሩ ዳኞች ለመንግሥቱ፥ ሰባቱ ለኩባንያው ፈረዱ። የዐሥሩ ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሕጉ ኩባንያው መሬቱን ሲገዛ የነበረ የታወቀ ሕግ ነው፥ 12 ዓመትም አጭር ጊዜ አይደለም፥ ኩባንያውም በጥቂት ድካም መብቱን ሊጠብቅ ይችል ነበር። የሰባቱም ሐሳብ ግን የሚናቅ አይደለም። የባለቤቱ ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ ተጽፎ ሳለ፥ ማን ባለቤት እንደ ሆነ የማይታወቅ ይመስል ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ንብረቱን ማጣቱ ተገቢ አይደለም አሉ። አንዱ ነገር በአምስት ፍርድ ላይ ሁለት ጊዜ ለኩባንያው፥ ሦስት ጊዜ በኩባንያው ላይ መፈረዱን ያየ ሰው፥ ጥያቄው በሁለቱም ወገን ታላቅ ምክንያት ያለበት መሆኑን ይረዳል።

የእንግሊዝም የሕግ አውጭዎች ይህን ሳያስቡ አልቀሩም። ሎርዶቹ ከመፍረዳቸው ከጥቂት ወራት በፊት አዲስ የመሬት ምዝገባ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ከ2003 ጥቅምት 13 ቀን ጀምሮ ነው። ስለ ተመዘገበ መሬት ይህ ሕግ የቀድሞውን ሥርዐት ፈጽሞ ለወጠው። ከእንግዲህ ወዲህ ዘመን ብቻውን ባለቤትነትን አያጠፋም። 10 ዓመት የያዘ ሰው ለመዝገብ ቤቱ ማመልከቻ የማቅረብ መብት ብቻ ያገኛል። መዝገብ ቤቱም በመዝገብ ላይ ስሙ ለተጻፈው ባለቤት ማስታወቂያ ይልካል፤ ባለቤቱ 65 የሥራ ቀን፥ ይኸውም ሦስት ወር ያህል ጊዜ አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተቃውሞውን በደንቡ መሠረት ቢያቀርብ፥ የያዥው ማመልከቻ በሕግ ከተቈጠሩት ሦስት ምክንያቶች አንዱ ከሌለው በቀር ይወድቃል። ዝም ቢል ግን ያዥው በስሙ ይመዘገባል።

ከሦስቱ ምክንያቶች ለተራው ሰው ቅርብ የሆነው የድንበር ስሕተት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አጥሩ ሲሠራ ሁለት ክንድ ያህል ወደ አንዱ ወገን ገብቶ ቆመ፤ ሌላውም ይህችን ቍራጭ መሬት የራሱ መስላው አትክልት ተከለባት። ለማመኑም በቂ ምክንያት ነበረው፤ 10 ዓመትም አለፈ። ድንበሩ በመዝገብ ላይ በትክክል ተለክቶ ያልተወሰነ ከሆነ፥ ባለቤቱ ቢቃወምም እንኳ ያዥው ሊረታ ይችላል። መሬቱ የሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ አጥሩን የገፋ ሰው ግን ይህ ምክንያት አይረዳውም። የቀድሞው ሕግ የያዥውን ቅንነት አይጠይቅም ነበር፤ አዲሱ ሕግ በድንበር ነገር ላይ ቅንነትን መልሶ አስገባ።

በዚህም ላይ ባለቤቱ ተቃውሞውን አቅርቦ ቢተኛ ሌላ ወጥመድ አለበት። ተቃውሞው ማመልከቻውን ያስጥላል እንጂ ያዥውን ከመሬቱ አያስወጣውም። ማመልከቻው ከወደቀ በኋላ ባለቤቱ ክስ ሳይመሠርት ያዥው ሌላ 2 ዓመት ቢቀመጥ፥ ዳግመኛ ባመለከተ ጊዜ ተቃውሞ ሳይሰማበት ይመዘገባል። ሕጉ ባለቤቱን አንድ ጊዜ ቀስቅሶ ሁለት ዓመት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠብቀውም።

የፓይ ነገር በአዲሱ ሕግ ቢታይ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ገበሬው በ1997 ባመለከተ ጊዜ ለኩባንያው ማስታወቂያ ይደርሰው ነበር፤ ኩባንያውም ይቃወም ነበር። ገበሬዎቹ ውሉን ራሳቸው ስለ ፈረሙና ፈቃድ ስለ ጠየቁ፥ መሬቱ የእኛ መስሎን ነበር ሊሉ አይችሉምና፥ የድንበሩ ምክንያት አይጠቅማቸውም። ስለዚህ መሬቱ ለኩባንያው ይመለስ ነበር።

የቀድሞው ሕግ ግን ባልተመዘገበ መሬት ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በዚያም 12ቱ ዓመት እንዳለ ነው። የዘውድ መሬት ሲሆን ጊዜው 30 ዓመት ይሆናል፤ ባሕሩ እየመጣ የሚሸፍነው የዳርቻ መሬት ሲሆን 60 ዓመት ይደርሳል። መንግሥት እንደ ተራ ሰው በየቀኑ ደጁን ሊጠብቅ ስለማይችል የሕዝቡ መሬት እንዳይነጠቅ የተደረገ ነው። በሰው መኖሪያ ቤት ያለ ፈቃድ ገብቶ መኖር ደግሞ ከ2012 መስከረም 1 ቀን ጀምሮ በወንጀል ያስቀጣል። ሆኖም የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2015 በሰጠው ፍርድ፥ የቅጣቱ ሕግ የይዞታውን ዘመን እንዳይቈጠር አያደርገውም ብሏል። አንዱ ሕግ ሰውየውን ሲቀጣ ሌላው ዘመኑን ይቈጥርለታል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ቤት ወይም መሬት የገዙ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉምና፥ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ሊይዙ ይገባል። መዝገብ ቤቱ ማስታወቂያውን የሚልከው በመዝገብ ላይ ወደ ተጻፈው አድራሻ ነው። ባለቤቱ ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ቢመለስና አድራሻው የዚያው የተዘጋ ቤት ቢሆን፥ ማስታወቂያው ቤቱን የያዘው ሰው እጅ ላይ ይወድቃል፤ 65ቱም ቀን ማንም ሳያውቅ ያልፋል። መዝገብ ቤቱ እስከ ሦስት አድራሻ ይቀበላል፤ የውጭ አገር አድራሻም ይጻፋል። በደንብ የተጻፈ አድራሻ እዚህ ላይ ከበር ቍልፍ ይበልጣል።

በመጨረሻ ወደ አገራችን እንመለስ። በቀድሞው የርስት ሥርዐት፥ በተለይ በጎጃምና በጎንደር፥ ዘመን ማለፉ መብትን አያጠፋም ነበር። ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው፥ አባቶቹ መሬቱን ሳይይዙ ብዙ ትውልድ ቢያልፍም ድርሻዬ ይከፈለኝ ብሎ ይነሣ ነበር። ይህ ሥርዐት የደሀውን ልጅ ከርስቱ እንዳይነቀል የጠበቀውን ያህል፥ የርስት ሙግት ከአባት ወደ ልጅ እንዲወራረስ አድርጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ወሰን ሊያበጅለት ፈለገ። በቍጥር 1168 እንደ ተደነገገው፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት የያዘ ሰው ስለ ባለቤትነቱ የሚከፈለውን ግብር 15 ዓመት በተከታታይ ከከፈለ ባለቤት ይሆናል። ይህ አነጋገር ከእንግሊዙ የተለየ መሆኑን እናስተውል። እንግሊዝ የበሩን ቍልፍ ማን ያዘ ብሎ ሲጠይቅ፥ የእኛ ሕግ የግብሩን ደረሰኝ ማን ያዘ ብሎ ይጠይቃል። ግብር በየዓመቱ በመንግሥት መዝገብ ፊት የሚፈጸም ሥራ ስለ ሆነ፥ የያዥውን ግልጥነት ከጎረቤት ምስክርነት ይልቅ ወረቀቱ ያስረዳለታል፤ ዝም ያለውም ባለቤት ግብሩን 15 ዓመት ሌላ ሰው ሲከፍልለት አላየሁም ብሎ ለማሳበብ ይቸግረዋል።

ነገር ግን ይህ ድንጋጌ በመሬት ላይ የነበረው ኃይል ብዙ አልቆየም። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታ ከግል ባለቤትነት ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ዛሬ በኢትዮጵያ አንድ ሰው መሬት ረጅም ዘመን ይዣለሁና የመሬቱ ባለቤት ልባል ቢል፥ የሚጠይቀው ነገር በሕግ የሌለ ነገር ነው። ገበሬው ያለው የመጠቀምና የይዞታ መብት ነው፤ እርሱም የሚዳኘው በመሬት አስተዳደር ሕጎች ነው። ዘመን ሊሰጥ የሚችለው ሕግ ለሰው እንዲኖረው የፈቀደውን መብት ብቻ ነውና፥ የግል ባለቤትነት በሌለበት መሬት ላይ የዘመን ብዛት ባለቤት ሊያደርግ አይችልም።

እንግዲህ ሕጉ ሁለት ሰዎችን በሚዛን ላይ አስቀምጦ ይመለከታል፤ አንደኛው በመዝገብ ላይ ስሙ ተጽፎ መሬቱን የረሳ ሰው ነው፥ ሁለተኛው ስሙ ሳይጻፍ መሬቱን በእጁ ያለማ ሰው ነው። መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ፤ መዝገብ በጠነከረበት ዘመን ወደ ፊተኛው ተመለሰ። በሁለቱም ዘመን ግን ዳኛው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አልተለወጡም፤ በፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃድ፥ በግልጥ ነው ወይስ በስውር፥ ቍልፉስ በማን እጅ ነበር ይላል። መሬት ያለው ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠውን መልስ በጽሑፍ አድርጎ ቢያስቀምጥ፥ ጐረቤቱም ሆነ ዘመዱ በመሬቱ ላይ ሲቀመጥ እስከ መቼና በምን እንደ ተቀመጠ የሚገልጥ አንድ ገጽ ወረቀት ቢያስፈርም፥ ኩባንያው በሁለት መስመር መልስ እጥረት ያጣውን እርሱ አያጣውም።